ሦስት ሜትር ከሰማንያ ሦስት

እንጅባራ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ ገና ያልለበሰ አንድ ቤት ሥር ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ የመጨረሻው ምርጊት አልደረቀም። ከግድግዳው በላይ የባህር ዛፍ ወጋግራዎች ከግራና ከቀኝ ተነሥተው መሀል ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመዋል። ዐይኔን የያዘው ይህ መግጠሚያ ነው። ሰማዩ ከበስተጀርባው ነጭ ነበር፤ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ግን ክር የምታህል ብርሃን እንኳ አታልፍም። ከላይ እስከ ታች እንጨት በእንጨት ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቷል። ዘጠኝ ጥንድ ቆጠርኩ። ዘጠኙም እንዲሁ ናቸው።

ሥራውን የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ ላያደንቅ ይችላል። የተጠረበ ጣውላ ቢሆን ኖሮ እኔም አልፌው እሄድ ነበር። ባህር ዛፍ ግን አንድ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ይጎብጣል፤ የደረቀ ሲመስል እርጥብ ይሆናል። እንዲህ ባለ እንጨት የሚሠሩ ብዙ ጣሪያዎች መግጠሚያቸው ላይ ሽብልቅ አላቸው። ሰቅለው ሲያዩት ከፍቶ ይገኛል፤ ቁራጭ እንጨት ይሰኩበታል፤ በሚስማር ያስሩታል። እዚህ ቤት ላይ አንድም ሽብልቅ የለም።

አናጢው ስልሳውን የተሻገሩ ሰው ናቸው። እንዴት እንደቆረጡት ጠየቅኳቸው።

«እላይ ወጥቼ አልቆርጥም፤» አሉኝ። «ሁሉም መሬት ላይ ነው ያለቀው። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ።»

ደብተሩን አሳዩኝ። ጠርዙ የተላጠ፣ ነጠላ መስመር ያለው የተማሪ ደብተር ነው። አንዱ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ዓምዶች ተሰምረዋል። የመጀመሪያው ዲግሪ ነው፤ ከአሥር ጀምሮ በየአምስቱ እስከ አርባ አምስት ይወርዳል። ሁለተኛው ታንጀንት ነው። ሦስተኛው ላይ ኮሳይን ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር አገኘሁ። ለሃያ ዲግሪ ኮሳይን 0.94 ነው፤ እሳቸው የጻፉት ግን 1.064 ነው። ትንሽ ካሰብኩ በኋላ ገባኝ። አንድን ለኮሳይን አካፍለው ውጤቱን ነው የጻፉት። አንድ አናጢ ሥራ ላይ ቆሞ ማካፈል አይወድም፤ ማባዛት ይቀለዋል። ስለዚህ ማካፈሉን አንድ ጊዜ፣ ማታ ቤታቸው ተቀምጠው ጨርሰውታል። ከዚያ ወዲህ የሚቀረው ማባዛት ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ያወጡት ከልጃቸው የሒሳብ መጽሐፍ መጨረሻ፣ ከሳይንና ከኮሳይን ሰንጠረዥ ነው።

ቤቱ ከግድግዳ ውጭ እስከ ግድግዳ ውጭ ስድስት ሜትር ይሰፋል። ግማሹ ሦስት ሜትር ነው። ከግድግዳው አናት አግድም ሦስት ሜትር ወደ መሀል ሂድ፤ ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ውጣ፤ ከዚያም ዘንበል ባለው እንጨት ወደ ግድግዳው ተመለስ። የተሠራው ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ማዕዘኑ ስኳድራ ልክ የሚገባበት። አግድሙ ታውቋል፤ ሦስት ሜትር ነው። የቀሩት ሁለቱ፣ ቁመቱና ዘንበል ያለው እንጨት፣ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ማዕዘን ነው።

ታንጀንት የሚመልሰው «አንድ ሜትር አግድም በሄድኩ ቁጥር ስንት ልውጣ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ለሃያ ዲግሪ መልሱ 0.364 ነው፤ በአንድ ሜትር ሠላሳ ስድስት ሴንቲ ከአራት ሚሊ። በሦስት ሜትር 1.09 ሜትር ይሆናል። ይህ የመሀሉ ቋሚ ከግድግዳው አናት በላይ የሚቆምበት ቁመት ነው። ኮሳይን ደግሞ አግድሙ ዘንበል ካለው እንጨት ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል። እንጨቱን የምንፈልግ ከሆነ አግድሙን ለኮሳይን እናካፍላለን፤ ወይም እንደ አናጢው በ1.064 እናባዛለን። ከግድግዳው ውጭ የሚወጣው ክፈፍ አግድሙን ስልሳ ሴንቲ ስለሆነ አግድሙ በሙሉ 3.60 ሜትር ነው። ሲባዛ 3.83 ይመጣል። ደብተሩ ላይ በትልቁ የተከበበው ቁጥር ይህ ነው፤ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ሦስት።

እዚህ ላይ ነበር ዋናውን ጥያቄ የጠየቅኳቸው። ለምን ሃያ? ለምን ሃያ አምስት አልሆነም? የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጣሪያ ቢሾል ይመርጣል። የድሮው የሣር ክዳን ወደ አርባ አምስት ዲግሪ የሚጠጋው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሣር ውሃን የሚያሳልፈው በፍጥነት ካላንሸራተተው ነው። ቆርቆሮ ያን ያህል ሹል አይፈልግም፤ ግን በዚህ አገር ለጥ ብሎ መተኛትም አይችልም።

አናጢው መልስ ከመስጠት ይልቅ ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው ቆርቆሮ አመለከቱኝ። ቆርቆሮው ሁለት ሜትር ይረዝማል። ሁለቱን ከላይና ከታች ብታስቀምጥ አራት ሜትር ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ አሥራ አምስት ሴንቲ እንዲደራረብ ካደረግክ የሚሸፍንልህ 3.85 ሜትር ነው። ወጋግራው 3.83 ነው።

ሁለት ሴንቲ ተረፈ። ሁለቷን ሴንቲ ብቻ ብናይ ቆርቆሮው ከክፈፉ አልፎ ውሃውን አርቆ ለመጣል አይበቃም፤ ጠብታው ተመልሶ እንጨቱን ያረጥባል። ግን ከላይ፣ ጣሪያው አናት ላይ፣ ሁለቱን ወገን የሚሸፍን ሌላ የታጠፈ ቆርቆሮ ይመጣል። ስለዚህ የላይኛው ቆርቆሮ ከአናቱ ሦስት ሴንቲ ወረድ ብሎ ቢጀምር ምንም አይጎዳም። ሦስቱ ከሁለቱ ጋር ሲደመሩ ከታች አምስት ሴንቲ ይወጣል። ያ በቂ ነው።

ሃያ አምስት ዲግሪ ቢሆንስ? እሳቸው ደብተሩን ገለጡ፤ 1.103። በ3.60 ሲባዛ 3.97 ሜትር ነው። ከአራት ሜትሩ ቆርቆሮ ለመደራረብ የሚተርፈው ሦስት ሴንቲ ብቻ ይሆናል፤ ሦስት ሴንቲ መደራረብ ደግሞ ነሐሴ ላይ በነፋስ የተገፋ ዝናብን አይከለክልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መስመር ሦስተኛ ቆርቆሮ ይገዛል፤ ከሦስተኛው ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ይሠራል፤ የቀረው ተቆርጦ ይጣላል ወይም ተደራርቦ ይባክናል። ሃያ ዲግሪ ማለት በሁለት ቆርቆሮ፣ በስድስት ሜትር ቤት ላይ፣ ስልሳ ሴንቲ ክፈፍ ሳይቀነስ፣ ሊወጣ የሚችለው የመጨረሻው ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ማዕዘኑን የመረጡት ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ ከቆርቆሮው ርዝመት ተነሥተው ወደ ኋላ አስልተው ነው። ብዙ ጣሪያ አይቻለሁ፤ ጥግን ይህን ያህል በጥንቃቄ የነካ አላየሁም።

ክፈፉም የራሱ ሒሳብ አለው። ስልሳ ሴንቲ ወደ ውጭ የሚወጣ ክፈፍ፣ በ0.364 ሲባዛ ከግድግዳው አናት ሃያ ሁለት ሴንቲ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ግድግዳው 2.40 ከሆነ የክፈፉ ጫፍ 2.18 ላይ ነው፤ ረጅም ሰው ሳይጎነበስ ይገባል። የጭቃ ግድግዳ ክፈፉ ሲሰፋለት ደስ ይለዋል፤ ማዕዘኑ ሹል በሆነ ቁጥር ግን ያው ሰፊ ክፈፍ በሩ ፊት ላይ ይወርዳል። በአርባ አምስት ዲግሪ ስልሳ ሴንቲ ክፈፍ ስልሳ ሴንቲ ሙሉ ይወርዳል።

አሁን ወደ መግጠሚያው ልመለስ፤ እኔን ያቆመኝ እሱ ነውና።

ወጋግራው አናት ላይ ሲገጥም የተቆረጠው ፊት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ቱምቢ ቢለቀቅበት ክሩ ፊቱን እየነካ እንዲወርድ። እንጨቱ ግን ሃያ ዲግሪ ዘንበል ብሏል። እንጨቱን በስኳድራ ቀጥ አድርገህ ብትቆርጠው ሲሰቀል ከታች ይገጥማል፤ ከላይ ይከፈታል። ትክክለኛው መቁረጫ ከስኳድራው መስመር በሃያ ዲግሪ የዘነበለ ነው። እንዴት ነው ይህን መሬት ላይ የሚያገኙት? ማዕዘን መለኪያ የላቸውም። ያላቸው ያው 0.364 ነው። እንጨቱ እዚያ ቦታ ላይ አሥር ሴንቲ ይወፍራል። አሥርን በ0.364 ሲያባዙ 3.6 ሴንቲ ያገኛሉ። በስኳድራ መስመር ያሠምራሉ፤ ከላይኛው ጠርዝ መስመሩ ባለበት ይተዉታል፤ በታችኛው ጠርዝ ላይ ሦስት ሴንቲ ከስድስት ሚሊ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ሁለቱን ነጥቦች ያገናኛሉ። መጋዙ በዚያ ይገባል። ቁመቱን የሰጠው ቁጥር ራሱ መቁረጫውን ሰጠ።

ዘጠኙ ጥንድ ደግሞ አንድ ዓይነት ውፍረት የላቸውም። አንዱ ዘጠኝ ሴንቲ ነው፤ ሌላው አሥራ አንድ። እሳቸው ለእያንዳንዱ ለብቻው ይለኩና ያባዛሉ፤ 3.3፣ 3.6፣ 4.0። አንዱን ቆርጠው በእሱ ልክ ሌሎቹን ቢቆርጡ ኖሮ ይፈጥን ነበር፤ ግን ውፍረቱ በተለየ እንጨት ሁሉ መግጠሚያው ሦስትና አራት ሚሊ ይሳሳት ነበር። ከሥር ቆሜ ያየሁት ብርሃን የማያሳልፍ መግጠሚያ እነዚህ ሦስትና አራት ሚሊዎች ናቸው።

ርዝመቱ የሚለካውም በዘፈቀደ አይደለም። 3.83 የሚባለው የትኛው መስመር ላይ ነው? የእንጨቱ መሀል ላይ? የታችኛው ጠርዝ ላይ? እሳቸው የላይኛውን ጠርዝ ይዘዋል፤ ቆርቆሮውን የሚሸከሙት አግዳሚዎች የሚቀመጡት እዚያ ስለሆነ። የተሰላው ቁመትም፣ 1.09ኙ፣ ከዚያው መስመር ነው የሚነሣው። አንዱን ከላይኛው፣ ሌላውን ከታችኛው የለካ ሰው ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ጣሪያው ይሳሳታል። የወፈረውን ጫፍ ሁሉ ወደ ግድግዳው አድርገው፣ ሲባጎ ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው ወጥረው፣ የሁሉም ጀርባ ሲባጎውን እስኪነካ ከሥር በግድግዳው አናት ላይ እየጠረቡ ነው ያስተካከሉት። ቆርቆሮው ማዕበል የማይሠራው በዚህ ነው።

ረዳታቸው ወጣት ልጅ ነው፤ ደብተሩን አያምንም፤ ስልኩን ያምናል። ከፊቴ ሞከረው። `tan(20)` ብሎ ጻፈና 2.237 አመጣ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቁጥር ተሳስቷል፤» አላቸው።

አልተቆጡም። «አርባ አምስት ጻፍ፤» አሉት። ጻፈ፤ 1.62 ምናምን አለ። «አርባ አምስት ላይ የወጣኸውና የሄድከው እኩል ነው። አንድ ካላለህ ስልኩ በሌላ ቋንቋ ነው የሚያወራህ።» ስልኩ ላይ `RAD` የሚል ተጽፎ ነበር፤ ወደ `DEG` ሲቀይረው 0.364 መጣ። ስልኩን አምኖ ቢሄድ ኖሮ የመሀሉ ቋሚ ስድስት ሜትር ከሰባ ይሆን ነበር፤ ያንን ማንም ያያል። አደገኛው ሌላው ስሕተት ነው፤ ለኮሳይን ማካፈል ሲገባ በኮሳይን ማባዛት። 3.60ን በ0.94 ብታባዛው 3.38 ይሆናል፤ ቁጥሩ ለዐይን መጥፎ አይመስልም፤ ተቆርጦ ሲሰቀል ነው ጉዱ የሚወጣው። መለያው ግን ቀላል ነው፤ ዘንበል ያለ እንጨት ከአግድሙ ሊያጥር አይችልም።

ይህን ስሰማ ዳንግላ ያለው የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። ለዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሳፋ ይቀመጥ ነበር። ቤቱ እንዲሁ ስድስት ሜትር ነው። ሲሠራ የነበረው ስምምነት ሃያ ዲግሪ እንዲሆን ነበር፤ እኔ ራሴ አስታውሳለሁ። ከእንጅባራ ስመለስ ሜትሮ ይዤ ኮርኒሱ ውስጥ ገባሁና የመሀሉን ቋሚ ለካሁት። ልክ ስልሳ ሴንቲ ነው። ስልሳን ለሦስት መቶ ሳካፍለው ሃያ በመቶ ሆነ። የሠራው ሰው ሃያውን ሰምቷል፤ ዲግሪውን ግን በመቶኛ አድርጎታል። ሃያ በመቶ ማለት 11.3 ዲግሪ ነው፤ ሃያ ዲግሪ ደግሞ 36.4 በመቶ። የእናቴ ጣሪያ አርባ ዘጠኝ ሴንቲ ጎድሎት ነበር የኖረው።

ጉድለቱ እንዴት እንደሚያፈስ ኮርኒሱ ላይ ይነበባል። ዝንባሌው ሲያንስ ውሃው በቆርቆሮው ቦይ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ቀስ ስለሚል ይከማቻል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ጎንና ጎን በሚደራረቡበት ቦታ ተሻግሮ ይገባል። ያኔ ኮርኒሱ ላይ የሚታየው እድፍ ከአናት ወደ ግድግዳ የሚወርድ ረጅም መስመር ነው። እድፉ ቤቱን አግድም የሚያቋርጥ ቢሆን ኖሮ የላይኛውና የታችኛው ቆርቆሮ መደራረቢያ ነው የምንለው። ተበታትነው ያሉ ክብ ነጥቦች ከሆኑ ደግሞ ሚስማር ነው፤ በጉብታው ላይ መመታት ሲገባው በቦዩ ውስጥ የተመታ። የእናቴ ቤት ላይ ያሉት ሦስት ረጅም መስመሮች ነበሩ፤ ከአናት እስከ ግድግዳ።

ሲታደስ እንጨቶቹ ጤነኛ ስለነበሩ መጣል አልፈለግንም። ርዝመታቸው 3.67 ሜትር ነው፤ በ11.3 ዲግሪ ላይ ስልሳ ሴንቲ ክፈፍ የሰጠ ርዝመት። በሃያ ዲግሪ ላይ ስንት ይሰጣሉ? አሁን የሚታወቀው እንጨቱ ነው፤ የሚፈለገው አግድሙ። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ማባዛቱ ትክክል ነው፤ 3.67 በ0.94፣ 3.45 ሜትር። ከዚህ ሦስቱ ሜትር የቤቱ ነው፤ ለክፈፍ አርባ አምስት ሴንቲ ቀረ። እናቴን ጠየቅናት። አሥራ አምስት ሴንቲ ታዛ አጥታ ሁለቱን ሳፋ ብታስወግድ ይሻላት እንደሆነ።

«ልጄ፣ ሳፋውን ውሰዱልኝ፤» አለች።

የላይኛው ጫፍ እንደ አዲስ ተቆረጠ፤ የመሀሉ ቋሚ በሌላ ተተካ፤ የግድግዳው ማዕዘን ላይ ያለው ክፍተት ተሞላ። ቆርቆሮውም ያው ነው፤ ሁለቱ ሠላሳ ሴንቲ ያህል ተደራርበው ተመቱ፤ አሮጌው የሚስማር ቀዳዳ ያለበት ሁሉ መደራረቢያው ሥር እንዲገባ ተጣረ፤ የተረፈው ተደፈነ።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በመኪና ስሄድ ስመለስ በመቶኛና በዲግሪ መካከል ያለውን ነገር ማሰብ አላቆምኩም። እንጅባራ ከዳንግላ አራት መቶ ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራት መቶን ለአርባ ሺህ፣ አንድ በመቶ። በማዕዘን ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ይላል። እርግጥ ይህ አማካይ ብቻ ነው፤ መንገዱ መሀል ላይ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ሹፌሩ ማርሽ የሚቀይረው ለአማካዩ አይደለም። የመንገድ ሰዎች በመቶኛ የሚናገሩት ለዚህ ይመስለኛል፤ የመንገድ ማዕዘኖች ሁሉ ጥቃቅን ናቸው። መቶኛው ግን ሌላ ነገር አይደለም፤ የአናጢው ታንጀንት በመቶ ተባዝቶ ነው።

ከዚህ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቁልቁለት ልውሰድ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን። ከአፋፉ እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ያህል ይወረዳል፤ በአንድ ወገን ያለው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል ሰባት በመቶ ይመጣል፤ ማዕዘኑ አራት ዲግሪ ነው። ተሳቢ የጫነ መኪና ፍሬኑ እስኪሸት የሚያስለፋው፣ መንገደኛውን ጸሎት የሚያስጀምረው ያ ቁልቁለት አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ለጥ ብሏል የምንለው የእናቴ አሮጌ ጣሪያ ወደ ሦስት እጥፍ ይበልጠዋል። መንገዱ በአናጢው ሃያ ዲግሪ ቢወርድ ኖሮ ከአፋፍ እስከ ወንዝ አግድሙን አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ የሚወርድበት መኪና ግን አይገኝም። ያ ሁሉ መጠማዘዝ አራት ዲግሪን ላለማለፍ የተከፈለ ርዝመት ነው።

ኮሳይን ግን መንገድ ላይ የት ይገባል? እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ሙያዎች የሚለያዩት። የአራት ዲግሪ ኮሳይን 0.9976 ነው። በሃያ ኪሎ ሜትር ውስጥ ዘንበል ያለው መንገድ ከአግድሙ የሚረዝመው ሃምሳ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመኪናው ቆጣሪ የሚለካው ዘንበል ያለውን ነው፤ በሒሳብ ደግሞ አግድሙ ነበር የሚፈለገው፤ ግን ማንም ልዩነቱን አያየውም። በሃያ ዲግሪ ላይ ግን ልዩነቱ በእያንዳንዱ ሜትር ስድስት ሴንቲ ከአራት ሚሊ ነው። የመንገድ ሰው ኮሳይንን ሊረሳው ይችላል፤ አናጢ ከረሳው እንጨቱ ያጥርበታል።

በተቃራኒው ደግሞ ታንጀንት ስሕተትን ይቅር አይልም። አናጢው ማዕዘኑን በአንድ ዲግሪ ቢስቱ፣ ሃያ አንድ ቢያደርጉት፣ ወጋግራው የሚለወጠው ሁለት ሴንቲ ተኩል ነው፤ ቁመቱ ግን ስድስት ሴንቲ ይለወጣል። መንገድ ላይ ይብሳል፤ አራቱን ዲግሪ አምስት ብለህ ብታነብ ሰባት በመቶው ወደ ዘጠኝ ይጠጋል። በስልክ ማዕዘን የለካ ሰው አንድ ዲግሪ መሳት አይከብደውም። ለዚህ ነው የመንገድን ዝንባሌ በማዕዘን ሳይሆን በቀጥታ መለካት የሚሻለው፤ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት፣ ላዩ ላይ ውሃ ልክ። አንዱን ጫፍ ዳገቱ ላይ አስቀምጥ፤ ሌላውን አረፋው መሀል እስኪገባ አንሣ፤ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ለካ። አሥራ አራት ሴንቲ ከሆነ ሰባት በመቶ ነው። ማዕዘን ሳይነሣ ታንጀንቱ እጅህ ላይ ገባ።

አናጢው ጣሪያቸውን የሚፈትሹበት መንገድም ይኸው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ቆርቆሮው ተመትቶ ነበር። ቤቱ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥተው የአንድ ሜትር ውሃ ልክ ወጋግራው ሥር አግድም ያዙ፤ አንዱን ጫፍ ወጋግራው ላይ አስነኩ፤ በሌላው ጫፍ እስከ ወጋግራው ያለውን በሜትሮ ለኩ። ዘጠኙንም አንድ በአንድ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ዞረው ዘጠኙን። ረዳታቸው ከሥር ሆኖ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። ሠላሳ ስድስት ከአራት፣ ሠላሳ ስድስት ከሦስት፣ ሠላሳ ስድስት ከአምስት። አንዱ ላይ ሠላሳ ሰባት መጣ። ወርደው ሽቅብ አዩት፤ እንደገና ወጡና እንጨቱ ላይ እጃቸውን አሳለፉ። ልጡ እዚያ ቦታ ላይ ሳይላጥ ቀርቷል። በቢላ ገፈፉት፤ እንደገና ለኩ።

«ሠላሳ ስድስት ከአራት፤ ጻፍ።»